የተከፈለ ማስታወቂያ ከነጻ ልጥፎቻችን ጎን እንዲታከል የቀረበ ምክረ ሐሳብ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የምግብ ቤቱ ባለቤት

ጉዳዩ፦ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ለስድስት ሳምንታት የሚቆይ የማስታወቂያ ሙከራ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ የወሩን ሒሳብ ስንተያይ፣ «6,200 ተከታይ እያለን ደግሞ ለፌስቡክ ገንዘብ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቆምንበት የሰጠሁት አጭር መልስ ግን እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ ሐሳቤን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ባለፉት ሦስት ወራት በገጻችን ላይ 38 ልጥፎችን ያወጣን ሲሆን፣ አብዛኞቹን ያዩት ከ350 እስከ 500 የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ይህ የሆነው ልጥፎቹ ስለሚያስጠሉ አይደለም። ፌስቡክ አንድ ገጽ የሚያወጣውን ሁሉ ለተከታዮቹ ሁሉ አያሳይም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚቀድም የሚመርጠው ራሱ ነው፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከንግድ ገጾች ይልቅ ለወዳጅና ለቤተሰብ መልእክት ቅድሚያ እንደሚሰጥ ካሳወቀ ወዲህ የገጾች ነጻ ተደራሽነት ጠቧል። ልጥፎቻችንን የሚያዩት እነዚያ ጥቂት መቶዎች እነማን እንደሆኑ አስተያየቶቹን እያነበብኩ ለማጣራት ሞክሬአለሁ። በብዛት ዓሣ ኮተሌታችንን የሚያውቁ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የአስተናጋጆቻችን ወዳጆች ናቸው። እነርሱን ማስታወስና ማመስገን የነጻው ልጥፍ ሥራ ነው፤ ያንንም በሚገባ እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ 22ቱን ጠረጴዛዎቻችንን ሊሞላ የሚችለው ሌላ ሰው ነው። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ «በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሐዋሳ እንውረድ» የሚለው ቤተሰብ ገጻችንን አይከተልም፤ እንዳለንም አያውቅም። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ያርፋል፤ ጠዋት አሞራ ገደል ደርሶ ዓሣ ሲወጣ ያያል፤ ሲርበው ደግሞ የባጃጅ ሹፌሩን «ጥሩ ዓሣ የት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ ትልቁ ተፎካካሪያችን የጎረቤት ምግብ ቤት ሳይሆን የዚያ ሹፌር መልስ ነው። ነጻ ልጥፍ ይህን ቤተሰብ የሚያገኘው በአጋጣሚ ብቻ ሲሆን፣ የተከፈለ ማስታወቂያ ግን የት እንዳለ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነና ማስታወቂያውን በየትኞቹ ቀናት እንደሚያይ መርጠን እንድንደርስበት ያስችለናል።

በግንቦት ወር 3,000 ብር ወጥቶበት ምንም ያላስገኘው ማስታወቂያ እንዳስቆጣዎ አውቃለሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። Boost post የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ቦታውን «ኢትዮጵያ» ብዬ ስለተውኩት፣ ከጎንደርና ከጅማ «መቼ ነው እኛ ጋ የምትከፍቱት?» የሚሉ ደስ የሚሉ፣ ለኪስ ግን የማይረቡ አስተያየቶች ጎረፉልን። በዚያ አኳኋን ፌስቡክ የፈለገልን «ላይክ» የሚያደርግ ሰው እንጂ ለምሳ የሚመጣ ሰው አልነበረም። በዚህ ዙር የምሠራው Ads Manager ከሚባለው ክፍል ሲሆን፣ የምንጠይቀውም ስልክ የሚደውል ወይም መልእክት የሚልክ ሰው ይሆናል።

ይህን ስል ልጥፎቹን እንተዋቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ያለ እነርሱ ለማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ይባክናል። ማስታወቂያ ያየ ሰው ወዲያው አይደውልም፤ በቅድሚያ ገጹን ከፍቶ የመጨረሻው ፎቶ መቼ እንደወጣ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ሰዎች ምን እንዳሉ ይመለከታል። ሁለት ወር ዝም ያለ ገጽ ካገኘ የተዘጋ ቤት ይመስለዋል። በተጨማሪም ልጥፎቹ የትኛው ማስታወቂያ እንደሚሠራ አስቀድመው ይነግሩናል። ማብሰያ ክፍላችን ውስጥ ዓሣ ሲበለትና ሲጠበስ የሚያሳየው የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ያለ አንድ ሳንቲም 11,000 ሰዎች ጋ ደርሷል፤ ባለሙያ ቀጥረን ያሠራነው ፖስተር ግን 300 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ አዲስ ማስታወቂያ ከማሠራት ይልቅ ሰው በነጻ የወደደውን ያንኑ ቪዲዮ ከፍለን ለማያውቁን እናሳየው ነው የምለው።

የጠየቅኩት ጠቅላላ በጀት 30,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 18,000 ብሩ አዲስ አበባ ለሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 55 ለሆኑ ሰዎች ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ብቻ የሚታይ ይሆናል። 7,000 ብሩ ሐዋሳ ውስጥ ላሉ ሰዎችና ቪዲዮአችንን አይተው ወይም ገጻችንን ጎብኝተው ላልመጡት ይውላል። ቀሪው 5,000 ብር ታኅሣሥ 19 እሑድ ለሚውለው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ይቆይ፤ በዚያ ሳምንት ወደ ከተማችን የሚገባውን እንግዳ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሙከራው የሚጀመርበት ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ስለሆነና ዓሣ በጾም የማይበሉ ብዙ ምእመናን ስላሉ፣ የዓሣው ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም፤ የበያይነቱም ቪዲዮ ጎን ለጎን እንዲታይ አደርጋለሁ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸም በመሆኑና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋው ከፍ ካለ የማስታወቂያውን ቀናት እቀንሳለሁ እንጂ ተጨማሪ ብር አልጠይቅም።

ገንዘቡ ተመልሶ እንደሆነ የምናውቀው በ«ላይክ» ብዛት አይደለም። በነገሩኝ መሠረት ከ100 ብር ሽያጭ የግብዓት ወጪ ተቀንሶ 35 ብር ያህል የሚቀር ከሆነና የአንድ ጠረጴዛ አማካይ ሒሳብ 1,400 ብር ከሆነ፣ 30,000 ብሩን ለመመለስ በስድስት ሳምንታት ውስጥ 62 ያህል ተጨማሪ ጠረጴዛዎች፣ ማለትም በሳምንት 10 ወይም 11 ያስፈልጉናል። ይህን ለመቁጠር በማስታወቂያው ላይ ብቻ የሚጻፍ የተለየ ስልክ ቁጥር እንድናወጣና አስተናጋጆች ሒሳብ ሲያመጡ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» ብለው እየጠየቁ መልሱን በደረሰኙ ጀርባ እንዲጽፉ እለምናለሁ። ሁሉም እውነቱን አይናገርም፤ ግማሹም ረስቶታል፤ ቢሆንም ከግምት ይሻላል።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የቆጠርናቸው ጠረጴዛዎች ከ15 ካነሱ ማስታወቂያውን አቁሜ ያልወጣውን ገንዘብ በሙሉ እመልሳለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የምሰጋው ብዙ ሰው መጥቶ ዓሣ እንዳያልቅብን ነው። ጠዋት የሚመጣልን ዓሣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የሚያልቅባቸውን ቀናት አይቻለሁ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ «አልቋል» የተባለ እንግዳ ደግሞ በገጻችን ላይ የሚጽፈውን ማጥፋት አንችልም። ስለዚህ የማብሰያ ክፍሉ ኃላፊ በየሳምንቱ ዓርብ የሚጠበቀውን የዓሣ መጠን ቢነግሩኝ፣ ባነሰበት ሳምንት ማስታወቂያውን ቅዳሜ ጠዋት እዘጋዋለሁ።

የእኔ ወርኃዊ ክፍያ እንደነበረው ይቀጥላል፤ ለዚህ ሥራ የምጠይቀው ጭማሪ የለም። ቪዲዮውን ለማስተካከልና አዲሱን ስልክ ለማስገባት አንድ ሳምንት ያህል ስለምፈልግ፣ ውሳኔዎን እስከ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ድረስ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በጀቱ ከበዛብዎ የሐዋሳውን ክፍል ትተን በ23,000 ብር መጀመር እንችላለን፤ የአዲስ አበባውን ግን ባይነኩብኝ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የምግብ ቤቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ