ስለ ክፍልፋይ ፈተናው ውጤት ለወላጆች

የተከበራችሁ የ6ኛ «ለ» ክፍል ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የክፍልፋይ ፈተናው ታርሞ ወረቀቱ ዛሬ በልጆቻችሁ እጅ ተልኳል። ከ20 የታረመ ነው። ትናንት የክፍሉ አማካይ 14 መሆኑን በወላጆች ግሩፕ ላይ ስጽፍ «የኔው 15 አምጥቷል፣ ከአማካይ በላይ ነው፣ ተመስገን» የሚሉ መልእክቶች ደረሱኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁጥሩን ብቻውን መላክ አልነበረብኝም።

የ21ዱ ተማሪዎች ውጤት ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር ይኸውላችሁ፦

2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 15፣ 15፣ 15፣ 15፣ 15፣ 16፣ 16፣ 16፣ 16፣ 17፣ 17፣ 17፣ 18፣ 18፣ 18፣ 19፣ 19

ድምሩ 294 ነው። ለ21 ሲካፈል 14 ይመጣል። ግን እስቲ 14 ያመጣ ልጅ ፈልጉ። አንድም የለም! አማካዩን ወደ ታች የጎተቱት መጀመሪያ ላይ ያሉት አራት ውጤቶች ናቸው። የቀሩትን 17 ብቻ ብናሰላ 16.6 ገደማ ይሆናል።

አሁን ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየቆጠራችሁ ወደ መሃል ኑ። 11ኛው ላይ ትገናኛላችሁ፤ በግራው 10፣ በቀኙም 10 ልጆች አሉ። እሱ 16 ነው። ሚዲያን የምንለው ይህን የመሃል ውጤት ነው። (ተማሪዎቹ 22 ቢሆኑ መሃል ላይ ሁለት ውጤት ስለሚቀር፣ ሁለቱን ደምረን ለሁለት እናካፍል ነበር።)

ስለዚህ 15 ያመጣ ልጅ ከአማካዩ በላይ ነው፤ ሆኖም 12 ልጆች ይበልጡታል። መጥፎ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም። እባካችሁ በዚህ ደብዳቤ የተነሳ ማንም ልጅ እንዳይቆጡት!

ሚዲያንም የራሱ ጉድ አለው። አራቱ ልጆች ሁሉም ዜሮ ቢያመጡ ያው 16 ነው፤ ሁሉም 12 ቢያመጡም ያው 16። እሱን ብቻ ባይ ኖሮ እነሱን ጭራሽ አላያቸውም ነበር። ወላጆቻቸውን ለየብቻ አነጋግሬያለሁ፤ የማካካሻ ትምህርትም ጀምረናል።

እኔን ከሁለቱም ቁጥሮች ይልቅ ያሳሰበኝ ጥያቄ 7 ነው፦ 1/3 + 1/4። አስራ አንድ ልጆች 2/7 ብለዋል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። 15 ያመጡት አምስቱም እዚሁ ጋ ነው የተሳሳቱት። ትክክለኛው መልስ 7/12 ነው። ቤት ውስጥ መልሱን ከመንገር ይልቅ ይህን ጠይቋቸው፦ 2/7 እኮ ከ1/3 ያንሳል፤ 1/3 ላይ ጨምረንበት እንዴት አነሰ? ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ሰኞ መልሱልኝ። ልታነጋግሩኝ የምትፈልጉ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የ6ኛ «ለ» ክፍል የሒሳብ መምህርት