እማማን ብቻ

የፎቶ ቤቱ ልጅ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ካላመጣሽው ባነሩ ለእሁድ አይደርስም ብሏታል፣ ሰብለ ግን ገና ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በእማማ የልብስ መቀስ ትታገላለች፣ መቀሱም ደንዞ ክር እንኳን በልመና ነው የሚቆርጠው።

እሁድ የእማማ አርባ ነው። ፎቶ ሞልቷል፣ ግን ሁሉም የእርጅና ነው፣ መታወቂያው ላይ ያለው ደግሞ ግማሹ ማህተም። ዲሲ ያለው አጎቷ ጋሽ ዳኜ ፋሚሊ ግሩፑ ላይ ቮይስ ላከ፣ «ያቺን ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያለችውን አድርጉ፣ ግን ያ የተቀደደው ነገር እንዳይታይ፣ ሰው ምን ይላል፣ እማማን ብቻ አስቀሪያት» አለ። ሩቅ ያለ ሰው ማዘዝ ሲችልበት! እሷም «እሺ ጋሼ» ብላ መለሰች። ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ሊቆረጥ ይችል ነበር፣ ግን ዋናው ፎቶ ራሱ ፍሬም ውስጥ ሊገባ ነው፣ ፍሬሙ ከመርካቶ ተገዝቶ መጥቷል፣ በዚህ በኩል ካልተስተካከለ አይገባም።

ጥቁርና ነጭ ነው። ጠርዙ እንደ ድሮ ፎቶ ጥርስ ጥርስ አለው፣ በሶስቱ በኩል ማለት ነው፣ አራተኛው ተቀዷል። እማማ አፍሮዋን ከፍ አድርጋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቆማለች፣ ከኋላዋ መጋረጃ ላይ የተሳለ ሀይቅ አለ። አትሳቂ የተባለች ይመስል ከንፈሯን ገጥማለች፣ ጉንጯ ግን አጋልጧታል። በተቀደደው በኩል የቀረው አንድ የካኪ እጅጌና ከሱ የወጣ እጅ ነው፣ የእማማን ነጠላ ጫፍ ይዟል።

የማን እጅ ነው ሲባል ቤተሰቡ ውስጥ መልሱ አንድ ነው፣ የድሮ ወዳጇ ነው፣ አያትሽ ቀንቶ ቀደደው። ሰብለም እየሳቀች ሰምታ ነው ያደገችው።

አሁን ስታየው ግን ቅዱ ገረማት። ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና እጁ ጋ ሲደርስ ወደ ውጪ ይታጠፋል፣ ጣቶቹን ሳይነካ ይዞራል፣ የእጅጌውን ቁልፍም ይዞራል፣ ከዛ ተመልሶ ቀጥ ይላል። የቀናና የተናደደ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ይቀዳል እንዴ? ስልኳን አየች፣ አስር ተኩል አልፏል። ማስመሪያ አስደግፋ በእስኪሪብቶ መስመር ሰራችና ቆረጠችው፣ የነጠላዋ ጫፍም ትንሽ አብሮ ሄደ። ቁራጩን ጨብጣ የሽንኩርት ልጣጩ ፌስታል ውስጥ ጣለችው።

የእማማ ታናሽ እህት እቴቴ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች፣ ፎቶውን ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው።

«እጁስ?»

«የቱ እጅ?»

«የወንድም ጋሼ ነዋ!»

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«ታላቃችን። ዘመቻ ሊሄድ ሲል የተነሱት ነው፣ በ67።»

«አያቴ ቀንቶ ቀደደው አይደል እንዴ?»

«አያትሽ መቼ መጣና! ራሷ ናት። በ69 አሰሳ ሲመጣ፣ በየቤቱ እየገቡ ነው ተባለ፣ እሱ ደግሞ ይፈለጋል፣ መጽሐፎቹን በሙሉ ምጣድ ስር አቃጠልናቸው፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ጭሱን በነጠላ የማባርር እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ ስትደርስ እምቢ አላት። በኋላ ፊቱን ቀዳ እሳት ውስጥ ከተተችው፣ እጁን ተወችው። እጅ ማን ያውቃል አለችኝ።»

«ለምን ለማንም አልነገረችም ታዲያ?»

«እኔንም ዝም በይ ብላኝ ነበር። ከዛ ባል መጣ፣ ልጅ መጣ፣ እናንተ ቀናተኛ ነው ስትሉ እሷ ትስቅ ነበር።»

«እሱስ?»

እቴቴ መልሱን ትታ «የት ጣልሽው?» አለች።

ፌስታሉን ምንጣፉ ላይ ገለበጡት። ነጭ ሽንኩርቱ ልጣጭ እጅ ላይ እየተጣበቀ አስቸገራቸው፣ እቴቴ መነጽሯን ጓዳ ረስታው በዳበሳ ነው የምትፈልገው፣ ያገኘችው ሰብለ ናት፣ መሃሉ ላይ ታጥፏል። እቴቴ ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገችውና ከፎቶው ጎን ገጠመችው፣ በመስመሩ ላይ ልክ መጣ።

ስልኩ ጮኸ፣ ጋሽ ዳኜ ነው፣ «ተቆረጠ?» ይላል።

«ምን ልበለው?»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ሰብለ ለፎቶ ቤቱ ልጅ ደወለች። ሁለት ቁራጭ ነው የማመጣልህ፣ ገጥመህ አንድ ማድረግ ትችላለህ ወይ አለችው፣ ይቻላል፣ ግን የመግጠሚያ ለብቻው ይታሰባል አላት።

«አስበው» አለች፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች፣ «ብቻ እንዳትዘጋ።»